ደብተሩን አትቀሚው፣ ገጹን ቁጥር ስጪው

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ሶፍትዌር የምማር ተማሪ ነኝ። አጎቴ ደሴ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው፤ ሒሳቡን ሁሉ የሚይዘው በደብተር ነው። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ እንደ እሱ ላሉ ባለሱቆች የሚሆን የሞባይል መተግበሪያ ልሠራ አስቤያለሁ። ዕቃ መቆጣጠሪያ፣ ሽያጭ መመዝገቢያ፣ ትርፍና ኪሳራ የሚያሳይ፣ ዱቤ የሚይዝ... ሐሳቡ በዛብኝ። የትኛው ነው በእርግጥ የሚጠቅማቸው? ከየትስ ልጀምር?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሦስቱን ለጊዜው ተያቸውና ዱቤውን ያዢ። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ምክንያቱ ከገባሽ የቀረውን ራስሽ ትደርሺበታለሽ።

ዕቃ መቆጣጠሪያ የሚሠራው እያንዳንዱ ሽያጭ ሲመዘገብ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አጎትሽ ሱቅ ውስጥ ቁጭ በይና ተመልከቺ። ስኳሩ ከጆንያ ሩብ ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ እየተባለ በማንኪያ ይሰፈራል። ከአንድ ፓኬት ሻማ ሁለት ፍሬ ይወጣል። በርበሬና ሽሮ የሚነበብ ባርኮድ የላቸውም። ልጁ ሦስት ብር ይዞ መጥቶ ከረሜላ ይገዛል፤ ከኋላው ሁለት ሰው ቆሟል፣ ውጭ ደግሞ የጅምላ ዕቃ የጫነ ባጃጅ ይጠብቃል። በዚህ መሐል ስልክ አውጥቶ «ስኳር፣ 0.25» የሚል ሰው የለም። ከመቶ ሽያጭ አሥሩ ካመለጠ የሳምንቱ መጨረሻ ቁጥር ከመደርደሪያው ጋር አይገናኝም፤ አንድ ጊዜ ካልተገናኘ ባለሱቁ መተግበሪያውን አያምነውም። ትርፍና ኪሳራውም በዚሁ ሽያጭ ላይ ስለሚቆም አብሮት ይወድቃል።

ዱቤ ግን ሌላ ነው። ዱቤን አጎትሽ ዛሬም ይጽፈዋል። ማንም ሳያስገድደው፣ ወረፋ እያለ፣ እጁ ዘይት እየነካ ይጽፈዋል፤ ካልጻፈው ገንዘቡ እንደሚጠፋ ያውቃላ። አዲስ ልማድ የምትፈጥሪለት ነገር የለም ማለት ነው። በቀን ሁለት መቶ ሰው ከሚገዛባት ሱቅ በዱቤ የሚወስደው አሥር ወይ ሃያ ሰው ቢሆን ነው፤ ያንን መመዝገብ ይቻላል። ሕንድ ውስጥ ካታቡክና ኦኬክሬዲት የሚባሉት መተግበሪያዎች በትንንሽ ሱቆች ዘንድ የገቡት በዚሁ በር ነው፤ መጀመሪያ የያዙት የዱቤ መዝገብንና «ቀሪ አለብዎት» የሚል መልእክትን ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ በኋላ የተጨመረ ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ እንግባ፤ ፕሮጀክትሽ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነውና። ብዙ ሰው የደብተር ችግር የመደመር ስሕተት ይመስለዋል። ባለሱቆቻችን መደመር አያቅታቸውም፤ አንዳንዱ ከስልክሽ ይፈጥናል። የደብተሩ ችግር መሰረዙ ነው። እንዴት እንደሆነ በአንድ ደንበኛ ገጽ ላይ እንየው። ዋጋዎቹን ለምሳሌ ያህል ውሰጃቸው።

አንዲት የመምህር ባለቤት ጥቅምት 4 ቀን ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ሳሙና ወሰደች፣ 300 ብር። ጥቅምት 9 አንድ ሊትር ዘይት፣ 290። ጥቅምት 15 ሁለት ፓስታ፣ 150። ጥቅምት 22 አንድ ኪሎ ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ 175። ድምሩ 915 ነው። ጥቅምት 30 ደሞዝ ወጣና 500 ብር ከፈለች። ባለሱቁ ምን ያደርጋል? አራቱን መስመሮች በረጅሙ ይሰርዝና ከታች «ቀሪ 415» ብሎ ይጽፋል። ኅዳር 2 ልጇ «እማዬ ልካኝ ነው» ብሎ መጥቶ የ120 ብር ዕቃ ይወስዳል። ቀሪው 535 ሆነ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሴትየዋ ስትመጣ ሁለት ጥያቄ አላት። አንደኛ፣ «እኔ የከፈልኩት 600 ነው እንጂ 500 አይደለም» ትላለች። ሁለተኛ፣ ልጁን የላከችው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ 120 ብሩን በእጁ ሰጥታዋለች። ደብተሩ ለሁለቱም መልስ የለውም። የተሰረዘው መስመር ከሥሩ አይነበብም፣ 500 ብሩ ራሱ የትም አልተጻፈም፤ የተጻፈው ቀሪው ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሽምግልና ነው፤ ባለሱቁም ጎረቤት ላለማስቀየም መቶ ብሯን ይተዋል። በወር ሁለት ሦስት ቤት እንዲህ ሲሆን የሚጠፋው ገንዘብ ከመደመር ስሕተት የሚበልጥ ነው።

ስለዚህ የመተግበሪያሽ የመጀመሪያ ሕግ ይሄ ይሁን፦ ምንም አይሰረዝም፣ ምንም አይታረምም። የተወሰደው አንድ መስመር ነው፣ የተከፈለውም የራሱ መስመር ነው። ስሕተት ሲገኝ ስሕተቱን የሚያፈርስ ሌላ መስመር ይጻፋል። 290 ብሩ ሁለት ጊዜ ገብቶ ከሆነ ሁለተኛውን አታጠፊውም፤ «የዚህ ማፍረሻ» የሚል −290 ትጨምሪበታለሽ። ቀሪ የሚባል ነገር መዝገቡ ውስጥ አይቀመጥም፤ በተጠየቀ ቁጥር ይደመራል። ሠንጠረዡ ከዚህ አይበልጥም፦

```sql
CREATE TABLE entry (
  id          TEXT PRIMARY KEY,
  page_no     INTEGER NOT NULL,
  amount      INTEGER NOT NULL,
  reverses    TEXT,
  happened_on INTEGER NOT NULL,
  written_at  INTEGER NOT NULL
);

SELECT SUM(amount) FROM entry WHERE page_no = 37;
```

`amount` በሳንቲም የሚያዝ ሙሉ ቁጥር ነው፤ የተወሰደው ፖዘቲቭ፣ የተከፈለው ኔጌቲቭ። ገንዘብን በነጥብ ቁጥር አትያዢ፤ አሥር ሳንቲም አሥር ጊዜ ስትደምሪ አንድ ብር ላይሞላልሽ ይችላል። `id` በስልኩ ላይ በዘፈቀደ የሚፈጠር ረጅም መለያ ይሁን፣ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሄድ አይሁን። ጥቅሙ የሚታየው አጎትሽ ጁምዓ ሲሄድ ባለቤቱ በራሷ ስልክ ስትመዘግብ ነው፤ የሁለቱን ስልክ መስመሮች አንድ ላይ ስታፈሺያቸው ማንም ማንንም አይደመስስም። የሚሰረዝና የሚታረም ነገር ስለሌለ ሁለቱን መዝገቦች ማጣመር ማለት የጎደለውን መጨመር ብቻ ነው። `happened_on` እና `written_at` ለምን እንደተለያዩ አሁን እነግርሻለሁ።

`page_no` የሚለውን አስተውለሽ ይሆናል። ደንበኛን በስም ሳይሆን በደብተሩ ገጽ ቁጥር ለዪው። የዱቤ ደብተር ገልጠሽ ካየሽ ስሞቹ «ሐጂ»፣ «የመምህሩ ሚስት»፣ «ባለ ጋሪው»፣ «የላይኛዋ ዘሃራ» ናቸው። በስም መፈለጊያ ብትሠሪ ሦስት ዘሃራ ይመጣሉ፣ በዚያ ላይ በስልክ አማርኛ መጻፍ ከእርሳስ ይዘገያል፤ አንዱ ሀ ሌላው ሐ ብሎ ሲጽፈው ደግሞ ፍለጋው ባዶ ይመለሳል። ባለሱቁ ግን የመምህሩ ሚስት ደብተሩ ላይ የት እንዳለች በጣቱ ያውቃል። የመጀመሪያ ቀን ሥራሽ እስክሪብቶ ይዘሽ የደብተሩን ገጾች ከ1 ጀምሮ መቁጠር ነው። ከዚያ በኋላ መመዝገብ ማለት 37፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ፊደል የለም፣ ቁጥር ብቻ። ማንበብ ላይ የማይደፍር ባለሱቅም ቁጥር ያውቃል። ገጹ ሲሞላ ወደ አዲስ ገጽ ይዛወራል፣ መተግበሪያው 37 ወደ 81 መሄዱን ይያዝ፤ ባለሱቁ ራሱ ገጹ ግርጌ ላይ «ወደ 81» ብሎ ይጽፋል።

አዎ፣ ደብተሩ ይቀጥላል እያልኩሽ ነው። መምህራንሽ «ታዲያ ዲጂታል ያደረግሽው ምኑን ነው?» ሊሉሽ ይችላሉ። መልሱ፣ ቀን ቀን ሱቁ ሲጨናነቅ ደብተር ይፈጥናል፣ ባትሪ አይጨርስም፣ ደንበኛውም ሲጻፍበት በዓይኑ ያያል። ስልኩ የሚያስፈልገው ማታ ነው። ሱቅ ሲዘጋ ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ የዛሬዎቹን መስመሮች ያስገባል፤ አሥራ አምስት መስመር ቢሆን ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ለዚህ ነው የተወሰደበት ቀንና የተመዘገበበት ሰዓት የተለያዩት። ማክሰኞ የተወሰደ ዕቃ ሐሙስ ማታ ሊመዘገብ ይችላል፤ ደንበኛዋ የምታውቀው ግን ማክሰኞን ነው። የገባውን መስመር ደብተሩ ላይ በትንሽ ነጥብ ምልክት ያድርግበት፤ ነጥብ የሌለው መስመር ገና አልገባም ማለት ነው። ይቺን ነጥብ ካላስለመድሽው አንድ መስመር ሁለቴ ይገባል፤ የምታገኚው አብዛኛው ስሕተትም ከዚህ የሚመጣ ይሆናል።

ቀኑን በተመለከተ፣ ውስጡ ምንጊዜም አንድ የጊዜ ቁጥር ይቀመጥ፣ ስክሪኑ ላይ ግን የእኛ አቆጣጠር ይታይ። አንድሮይድ ከ7 ጀምሮ `android.icu.util.EthiopicCalendar` አብሮት ስላለ ራስሽ የምትፈለስፊው ስሌት የለም። ተማሪዎች የሚሰናከሉት ወር መምረጫውን አሥራ ሁለት አድርገው ሲሠሩ ነው፤ ጳጉሜን ሲገባ መተግበሪያው ወይ ይወድቃል ወይ ዱቤውን መስከረም ላይ ይለጥፈዋል። ከማስረከብሽ በፊት ስልክሽን ጳጉሜን 5 ላይ አድርገሽ ሞክሪው፤ ስድስት በምትሆንበት ዓመትም እንደዚሁ።

ወደ ሴትየዋ ጭቅጭቅ እንመለስ። መዝገቡ ባይሰረዝም የባለሱቁ መዝገብ ብቻ ነው፤ «አንተ ራስህ የጻፍከው» ብትለው መልስ የለውም። የሚያስታርቃቸው መልእክት ነው። 500 ብር በከፈለችበት ቀን ማታ መስመሩ ሲገባ ስልኳ ላይ «እትዬ፣ ዛሬ 500 ብር ተቀብያለሁ። ቀሪው 415 ብር ነው።» የሚል ቢደርሳት፣ 600 ከሆነ ወዲያው ትናገራለች። ልጇ 120 ሲወስድም እንደዚሁ ቢላክላት ያን ቀን ማታ ልጁን ትጠይቀዋለች፤ ከወር በኋላ የሚነሳ ነገር አይኖርም። ጭቅጭቅን የሚወልደው መዘግየቱ ነው።

መልእክቱን አሳጥሪው። በፊደላችን የተጻፈ አጭር የጽሑፍ መልእክት አንዱ ክፍል የሚይዘው 70 ሆሄ ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ቢሆን 160 ይይዝ ነበር። ከ70 ካለፈ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፣ ሒሳቡም የሚቆረጠው ከባለሱቁ ካርድ ነው። ከላይ የጻፍኩት አርባ ገደማ ነው፣ ይበቃል። የቁልፍ ስልክ የያዙ ደንበኞች ፊደላችን በሣጥን ሣጥን ሊታያቸው ስለሚችል፣ ለእነሱ ቁጥሩን ብቻ የሚልክ አማራጭ አስቀምጪ። መልእክቱን ደግሞ መተግበሪያው ራሱ አይላክ። የመላክ ፈቃድ ብትጠይቂ ጎግል ፕሌይ ላይ ጣጣ ያመጣብሻል፣ ባለሱቁም «ካርዴን የሚበላ ነገር» ብሎ ይሸሸዋል። `ACTION_SENDTO` ን በ`smsto:` ከጠራሽው የስልኩ መልእክት መጻፊያ ተሞልቶ ይከፈታል፤ አይቶ «ላክ» የሚለው ባለሱቁ ነው። ፈቃድም አያስፈልግም።

ቃላቱ ላይም ጥንቃቄ አድርጊ። «ዕዳዎን ይክፈሉ» የሚል መልእክት ወሎ ውስጥ ደንበኛ ያሳጣል። ባለሱቅ ሰውን ፊት ለፊት መጠየቅ ስለሚያፍር አይደል በሩ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይመለሱ» ብሎ የሚለጥፈው! መልእክትሽ ደረሰኝ ይምሰል፣ ማስጠንቀቂያ አይምሰል። በተወሰደና በተከፈለ ጊዜ ብቻ ይሂድ፤ ቀሪው በራሱ ያስታውሳታል።

አሁን ደብተሩ ፈጽሞ የማይሰጠውን አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ የገንዘቡን ዕድሜ። አጎትሽን «ውጭ ስንት ብር አለህ?» ብትዪው በግምት ይነግርሻል። «ከሦስት ወር ያለፈውስ ስንት ነው?» ብትዪው ግን አያውቅም፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የቆመው «ቀሪ» ቀኑን አጥፍቶታል። መተግበሪያሽ ክፍያ ሲመጣ ከአሮጌው ዱቤ ጀምሮ ይቀንስ። የመምህሩ ሚስት 500 ብር የጥቅምት 4ን 300 ይጨርሳል፣ ከጥቅምት 9 ደግሞ 200 ይቆርጣል። ከቀረው 415 ብር ውስጥ 90ው የጥቅምት 9፣ 150ው የጥቅምት 15፣ 175ቱ የጥቅምት 22 ነው። ከወር የዘለለ ስለሌለው ጤነኛ ገጽ ነው። ከጎኗ ያለው ገጽ ላይ ያው 415 ብር ሆኖ ሁሉም የሰኔ ሊሆን ይችላል፤ ደብተሩ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

ዕድሜው ለምን እንደሚጎዳ በዘይት አስቢው። ባለሱቁ ሐምሌ ላይ በ290 ሒሳብ አሥር ሊትር ዘይት በዱቤ ሰጠ እንበል፣ 2,900 ብር። ጥር ላይ ሙሉው ተከፈለው፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ጅምላ አከፋፋዩ ጋ ሲሄድ ግን ሊትሩ 340 ሆኗል፤ በ2,900 ብር የሚያገኘው ስምንት ሊትር ተኩል ነው። ሊትር ተኩል ዘይት ማንም ሳይሰርቀው ጠፍቷል። ብዙ ሱቅ «ሥራ አለ፣ ገንዘብ የለም» እያለ ቀስ በቀስ መደርደሪያው የሚሳሳው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ፕሮግራመሮች ቶሎ የሚመጣላቸው «ከ30 ቀን ካለፈ 2 በመቶ ይጨመር» የሚል ነገር ነው። አታድርጊው። ወሎ ውስጥ ከባለሱቁም ከደንበኛውም ብዙው ሙስሊም ነው፤ በቆየ ዕዳ ላይ መጨመር ሪባ ነው፣ ያንን ቁልፍ ያየ ሐጂ መተግበሪያውን ያን ቀን ያጠፋዋል። ክርስቲያኑም ቢሆን ጎረቤቱን ወለድ ማስከፈል አይዋጥለትም። ገና ሲሸጥ «በእጅ ይህን ያህል፣ በዱቤ ይህን ያህል» ብሎ በአንዱ ተስማምቶ መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ባለሱቁ መጠኑን ሲጽፍ ይጨርሰዋል፣ መተግበሪያው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። የዕድሜው ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፦ የሚቀጥለው ዱቤ ለማን ይሰጥ የሚለው ላይ። ባለሱቁ ገጽ 37ን ሲጫን ከቀሪው ጎን «አሮጌው የዛሬ 3 ሳምንት» የሚል አንድ መስመር ቢያይ ይበቃዋል። የቀረውን በዓይን ቋንቋ ይጨርሰዋል።

ዕድሜውን ግን ለሁሉም በአንድ ሰላሳ ቀን አትለኪ። መምህሩ የሚከፍለው ደሞዝ ሲወጣ ነው። ባቲ ላይ ሱቅ ላለው ሰው ከገጠር የሚመጣው ደንበኛ ሰኞ ገበያ ሸጦ ነው የሚከፍለው፤ ለእሱ ሳምንት ካለፈ ዘገየ። ገበሬው ደግሞ አዝመራ ይጠብቃል፤ ያውም መኸር አብቃይ ከሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ደጋው ላይ በልግ የሚጠብቅ ከሆነ ሰኔና ሐምሌ አካባቢ። ክረምት የወሰደው ስኳር መስከረም ላይ «ቀይ» ሆኖ ቢታይ ባለሱቁ ይስቅብሻል፤ ሰውዬው የዘገየው በእሱ ቆጠራ ሳይሆን በአንቺ ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ ከሦስቱ አንዱ ይመረጥ፣ ደሞዝ፣ ገበያ፣ አዝመራ። በልግ ከከሸፈ ባለሱቁ የአዝመራ ገጾችን በአንድ ጊዜ ወደ መኸር የሚያሻግርበት ቁልፍ ይኑረው። እንዲህ ያለ ዓመት በደጋው ወሎ ብርቅ አይደለም።

ስለ ኢንተርኔት ብዙ አልልሽም፣ ራስሽም ኖረሽበታል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሻለሽ። መተግበሪያሽ ለመክፈት፣ ለመመዝገብም ሆነ ለመደመር ኔትወርክ መጠየቅ የለበትም፤ «ሲገናኝ ይሠራል» ሳይሆን «ባይገናኝም ይሠራል» መሆን አለበት። ቅጂው ግን መውጣት አለበት። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሱቁ ከነደብተሩ የጠፋበት ባለሱቅ ብዙ ነው፤ ዕቃው ጠፍቶ ደንበኛው ጋ ያለው ዱቤ እንኳን ስንት እንደሆነ ማሳያ አልነበረውም። ስለዚህ ሳምንት በሳምንት መዝገቡ በይለፍ ቁጥር ተቆልፎ አንድ ፋይል ይሁንና በብሉቱዝ ወደ ባለቤቱ ወይም ወደ ልጁ ስልክ ይሂድ። ከሱቁ ጋር አብሮ የማይጠፋ ቦታ ማለት ሌላ ሰው ኪስ ማለት ነው። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ አሥር ሺህ መስመር ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም። አጋጣሚውን ልጠቀም ብለሽ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አብሮ እንዲልክ አታድርጊ፤ ፎቶው ፋይሉን ያከብደዋል፣ ከዚያ መላኩ ይቀራል።

አንድ ባለሱቅ ጮክ ብሎ የማይነግርሽ ፍርሃት አለ። «ይሄ ነገር ለገቢዎች አይሄድም ወይ?» ነው። ዓመቱን ሙሉ በግምት ተቆርጦበት ግብር የከፈለ ሰው የተመዘገበ ቁጥር ያስፈራዋል። ማባበያ ቃል አያሳምነውም፤ የሚያሳምነው አሠራሩ ነው። አካውንት ክፈት አትበዪው፣ ስልክ ቁጥሩን አትጠይቂው፣ መዝገቡ ወደ የትኛውም ሰርቨር አይሂድ። ዳታ ዘግቶ ሲሠራ ራሱ ያየዋል። የዱቤ መዝገብ ደግሞ የሽያጭ መዝገብ አይደለም፤ ይህንንም ግልጽ አድርጊለት። ለአንቺ ራስሽም ይሻልሻል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን ስም፣ ስልክና ዕዳ ሰብስቦ መያዝ ኃላፊነት የሚያስከትል ሥራ ሆኗል፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ደግሞ ያንን አይሸከምም። ስክሪኑም ሲከፈት የሁሉንም ደንበኛ ቀሪ በዝርዝር አያሳይ። ስልኩ ባንኮኒ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የሐጂን ዕዳ ባለ ጋሪው ካነበበ ሐጂ ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ።

ቴሌብር ላይ ትንሽ ልበልሽና ልጨርስ። አሁን አሁን ደንበኛው ዱቤውን ከቤቱ ሆኖ ይልከዋል፤ የክፍያ መልእክቱ ለባለሱቁ ይደርሰዋል፣ ደብተሩ ላይ ግን መቀነሱን ይረሳዋል። ያኔ ነው ከፍሎ የጨረሰ ሰው «ቀሪ አለብህ» የሚባለው። መልእክቶቹን ሁሉ የሚያነብ ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ባለሱቁ የመጣለትን መልእክት ቀድቶ መተግበሪያው ላይ ሲለጥፈው መጠኑንና የግብይት ቁጥሩን እንዲለይ አድርጊ፤ የየትኛው ገጽ እንደሆነ ባለሱቁ ይምረጥ። የግብይት ቁጥሩን ያዢው፣ ያው መልእክት ሁለቴ ሲለጠፍ እንዳይቀበል። ደንበኛው በራሱ ስልክ ያሳየውን መልእክት ወይም ፎቶ ግን እንደ ክፍያ አትቁጠሪ፤ ተመሳስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ሥራውን በአጎትሽ ሱቅ ጀምሪ፣ ሌላ ሱቅ አትጨምሪ ገና። ከወር አጋማሽ እስከ ቀጣዩ ወር አጋማሽ ይሂድ፣ ደሞዝ የሚወጣበት ሳምንት መሐል ላይ እንዲገባ፤ ክፍያ ያልታየበት ሙከራ ግማሹን አልሞከረም። መጨረሻ ላይ ደብተሩን አንቺ በእጅሽ ደምሪና ከመተግበሪያው ጋር ገጽ በገጽ አስተያዪ። ልዩነቱ የአንድ መስመር ልክ ከሆነ ወይ ነጥብ ሳይደረግበት ሁለቴ ገብቷል ወይ ተዘሏል። ልዩነቱ 9 የሚካፈለው ቁጥር ከሆነ፣ ለምሳሌ 27 ወይም 180፣ አሃዝ ተገላብጦ መግባቱን ጠርጥሪ፤ 150 ን 510 ብሎ ማስገባት 360 ያመጣል። የሙከራው ትልቁ መለኪያ ግን በ`written_at` ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ማታ ይገባል። ክፍተቱ ሁለት ቀን፣ ከዚያ አራት ቀን እየሆነ ከሄደ አጎትሽ «አብሽሪ፣ እየሠራሁበት ነው» ቢልሽም እየተወው ነው። ያኔ ሌላ ነገር ከመጨመርሽ በፊት አንድ ማታ ሱቁ ሲዘጋ አብረሽው ቁጭ በይና የትኛው ቁልፍ ላይ ጣቱ እንደሚቆም ተመልከቺ።